የፋብሪካው መንደር ስሙን ሲቀይር፦ አራቱ የኢኮኖሚ ዘርፎች እና የሚንሸራተተው ድርሻቸው

በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል፣ በባቡር መስመሩ ላይ አንድ ጣቢያ አለ። ለብዙ ዓመታት ስሙ «ጉሮ ጎንግዳን» ነበር። ጎንግዳን ማለት የኢንዱስትሪ መንደር ማለት ነው። 2004 ላይ ጎንግዳን የሚለው ቃል ወጣና «ዲጂታል» የሚል ገባበት። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ዝም ብሎ አልተቀየረም። ጉሮ በ1960ዎቹ የተቋቋመ ለውጭ ገበያ የሚያመርት የፋብሪካ መንደር ነበር። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ልብስ ይሰፉበት፣ ሰው ሠራሽ ጸጉር ይጎነጉኑበት ነበር። አዎ፣ ዊግ። ዊግ በዚያ ዘመን ከአገሪቱ ዋና ዋና የወጪ ንግድ ዕቃዎች አንዱ ነበር። ዛሬ በዚያው ሰፈር የሶፍትዌርና የጌም ኩባንያዎች ፎቆች ቆመዋል። የእነዚያ ልጆች ወላጆች ገበሬዎች ነበሩ፤ እነሱ ራሳቸው የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኑ፤ አሁን እዚያ የሚሠራው ትውልድ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በትላልቅ ሠንጠረዦች የሚያሳዩንን ነገር ይህ አንድ ሰፈር በሦስት ትውልድ ውስጥ ጨርሶታል።

ዘርፎቹን ለመለየት አንድ ሸሚዝ ይዘን ወደ ኋላ እንሂድ። ጥጡን ያበቀለው ሰው አንደኛ ደረጃ ዘርፍ ውስጥ ነው። ከመሬት፣ ከውሃ ወይም ከከርሰ ምድር በቀጥታ የሚያወጣ ሁሉ እዚህ ይገባል፤ እርሻ፣ ከብት እርባታ፣ ዓሣ ማስገር፣ ደን። ጥጡን የፈተለው፣ ጨርቁን የሸመነውና ሸሚዙን የሰፋው ሁለተኛ ደረጃ ዘርፍ ነው። ይህ ዘርፍ ጥሬ ዕቃን ወደ ሌላ ነገር ይለውጣል። ፋብሪካና ግንባታ እዚህ ናቸው። ሸሚዙን የጫነው ሹፌር፣ የሸጠው ነጋዴ፣ ብድሩን የሰጠው ባንክ ሦስተኛ ደረጃ ናቸው፤ በአጭሩ አገልግሎት። የጨርቁን ኬሚስትሪ የተመራመረው፣ የመስፊያ ማሽኑን ሶፍትዌር የጻፈው ደግሞ አራተኛ ደረጃ ይባላል። የእነሱ ምርት እውቀት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ከ1930ዎቹ የመጡ ናቸው። «ሦስተኛ ደረጃ» የሚለውን አነጋገር ኒውዚላንድ የተወለደው ኢኮኖሚስት አለን ፊሸር አስተዋወቀው፤ ከዚያ 1940 ላይ ኮሊን ክላርክ የብዙ አገሮችን ቁጥር ሰብስቦ አሳየበት። አራተኛው ዘግይቶ የመጣ ነው። ስለ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም ጣጣው ብዙ ነው።

ሁላችንም በትምህርት ቤት የሰማነው ነገር አለ። አገር ሲያድግ የግብርና ድርሻ ይቀንሳል፣ የኢንዱስትሪ ድርሻ ይወጣና መልሶ ይወርዳል፣ የአገልግሎት ድርሻ ግን እየወጣ ይሄዳል። ትክክል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ቀነሰ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ነው። የግብርና ድርሻ ቀነሰ ሲባል እርሻው ተዳከመ ብሎ ያስባል። ድርሻ ግን ክፍልፋይ ነው። ከላይ ያለው ቁጥር ሳይነካ ከታች ያለው ቢያድግ ድርሻው ይወርዳል።

ደቡብ ኮሪያ ራሷ ጥሩ ማሳያ ናት። 1963 ላይ ከሠራተኛው 63 በመቶ ያህሉ በግብርና፣ በደንና በዓሣ ሥራ ላይ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ይህ ድርሻ ወደ 40 በመቶ አካባቢ ወርዷል። አሃ፣ ሰው እርሻውን ጥሎ ሄደ ልትሉ ነው። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ግን የገበሬው ብዛት በሰው ሲቆጠር አልቀነሰም። ጠቅላላ የሠራተኛው ቁጥር በፍጥነት ስላደገ፣ አዲስ ሥራ የያዘው ወጣት ደግሞ በብዛት ወደ ፋብሪካና ወደ ከተማ ስለሄደ ነው ድርሻው የተንሸራተተው። የሩዝ ምርቱስ? 1977 ላይ ወደ 6 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ነበር፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እጅግ የሚበልጥ። ድርሻው ሲወርድ ጎተራው እየሞላ ነበር።

ይህ የሚሆነው ለምንድነው? መቶ ሠራተኛ ያላት አንዲት ምናባዊ አገር እናስብ። ሰባው ገበሬ ነው፤ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጭነት እህል ያመርታል። ሰባ ጭነት ማለት ነው። ሠላሳው ሌላ ሌላ ሥራ ይሠራል። አሁን የተሻለ ዘር፣ ማዳበሪያና መስኖ መጡና አንድ ገበሬ አራት ጭነት ማምረት ቻለ እንበል። አገሪቱም ሀብታም ሆነችና ሕዝቡ ድሮ ከሚበላው አንድ ተኩል እጥፍ መብላት ጀመረ። 105 ጭነት ያስፈልጋል ማለት ነው። ለአራት ስናካፍለው 26 ገበሬ ገደማ ይበቃል። ምርቱ በግማሽ ጨምሮ 44 ሰው ገደማ ከእርሻ ነፃ ወጣ።

እዚህ ስሌት ውስጥ ቁልፉ ያለው «አንድ ተኩል እጥፍ» ላይ ነው። ገቢያችን አራት እጥፍ ቢያድግ ለምን አራት እጥፍ አንበላም? ሆድ ወሰን አለዋ። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሰው ኤርንስት ኤንግል 1857 ላይ የቤተሰቦችን ወጪ መርምሮ ያገኘው ይህንኑ ነበር። ቤተሰብ ገቢው ባደገ ቁጥር ለምግብ የሚያወጣው ገንዘብ ቢጨምርም፣ ከጠቅላላ ወጪው የሚይዘው ድርሻ ይቀንሳል። የተረፈው ገንዘብ ወደ ልብስ፣ ወደ ቤት ዕቃ፣ ወደ ሬዲዮ ይሄዳል። ያ ደግሞ ለፋብሪካ ሥራ ይፈጥራል። የዓለም ንግድ ነገሩን ትንሽ ያወሳስበዋል፤ እህል ለሌላ አገር የሚሸጥ አገር በሕዝቡ ሆድ አይወሰንም። ቢሆንም ከእህል ላኪዎቹ ትልቋ አሜሪካ እንኳ በ1900 አካባቢ ከሠራተኛዋ 40 በመቶ ያህሉ እርሻ ላይ ነበር፤ ዛሬ ከ2 በመቶ በታች ነው።

እስከዚህ ቀላል ነው። ለእኔ ይበልጥ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ፋብሪካው ራሱ በተራው ለምን ድርሻውን ያጣል? የጫማ ሆድ የለንም፤ ሰው አሥር ጫማ ቢኖረው አሥራ አንደኛውን ይገዛል።

ሁለት ሠራተኞች ጎን ለጎን እናስቀምጥ፤ ጫማ ሠሪና ጸጉር አስተካካይ። መጀመሪያ ላይ ጫማ ሠሪው በቀን ሁለት ጥንድ ይሠራል። ጸጉር አስተካካዩ በቀን ሃያ ራስ ያስተካክላል። አንድ ሰፈር በወር 100 ጥንድ ጫማና 1,000 ጊዜ ጸጉር መስተካከል ይፈልጋል። ጫማው 50 የሥራ ቀን ይወስዳል፤ ጸጉሩም 50። እኩል ለእኩል፤ ሃምሳ ሃምሳ በመቶ።

ጊዜ አለፈ። ማሽን ገባና አንድ የጫማ ሠራተኛ በቀን ሃያ ጥንድ ማውጣት ጀመረ። ጸጉር አስተካካዩስ? ያው ሃያ ራስ ነው። ማሽኑ ቢሻሻልም ራስ ራስ ነው፤ ሰውዬው ወንበሩ ላይ መቀመጥ አለበት። ሕዝቡ ደግሞ ጫማ ረከሰለትና በወር 300 ጥንድ ይገዛል። የጫማው ሥራ አሁን 15 ቀን ብቻ ይፈልጋል፤ ጸጉሩ ግን አሁንም 50። ከ65 ቀን ውስጥ የጫማው ድርሻ 23 በመቶ ሆነ። የጫማው ምርት ሦስት እጥፍ አደገ፤ የሥራ ድርሻው ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ጸጉር ቤቱ ምንም ሳያደርግ 77 በመቶውን ያዘ።

ዋጋውንም ተመልከቱ። ድሮ አንድ ጥንድ ጫማ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ይህም የአሥር ጸጉር ዋጋ ነው። አሁን የሁለቱ ሠራተኞች ደመወዝ እኩል ከሆነ አንድ ጥንድ ጫማ በአንድ ጸጉር ዋጋ ይገኛል። ደመወዙ እኩል መሆኑ ግድ ነው? በጥቂቱም ቢሆን አዎ፤ ካልሆነ ጸጉር የሚያስተካክል ሰው አይገኝም፤ ሁሉም ወደ ጫማ ፋብሪካ ይሄዳላ። ስለዚህ የአስተካካዩ ምርታማነት ባያድግም ደመወዙ ያድጋል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ዊልያም ባውሞል የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ይህንን በ1960ዎቹ ያሳየው በሙዚቀኞች ምሳሌ ነበር። ለአራት ሰው የተጻፈ ሙዚቃ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም አራት ሰው ይፈልጋል፤ የሚወስደውም ያንኑ ያህል ደቂቃ ነው። በሀብታም አገሮች ቲቪ እየረከሰ ሕክምና፣ ትምህርትና የልጅ እንክብካቤ የሚወደዱበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ግን ይህኛው ማንም ሳያጠፋ የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ኮሪያ እንመለስ። የፋብሪካ ሥራ በአገሪቱ ከጠቅላላ ሥራ ወደ 28 በመቶ ገደማ የደረሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ መውረድ ጀመረ፤ ዛሬ 16 በመቶ አካባቢ ነው። ግብርናው ደግሞ 5 በመቶ ያህል ብቻ ቀርቷል። የጉሮ መንደር ማሽቆልቆልም ከዚሁ ዘመን ጋር ይገጥማል፤ ደመወዝ ሲወጣ የልብስ ስፌቱ ደመወዝ ርካሽ ወደሆነበት አገር ተሻገረ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢንዱስትሪ ከአገሪቱ የሥራ ገበያ ቢወጣም ከምርቷ አልወጣም። ፋብሪካዎች አሁንም ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ሩብ ያህሉን፣ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ያለውን ይሰጣሉ። ሀብታም ከሚባሉት አገሮች መካከል ይህን ያህል ድርሻ ያላቸው ጥቂት ናቸው። መርከቡ፣ መኪናውና ቺፑ በጥቂት እጅ ነው የሚሠራው።

ስለዚህ አንድ ሰው «የኢንዱስትሪ ድርሻ ይህን ያህል ነው» ሲላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «የምኑ ድርሻ?» መሆን አለበት። የሠራተኛው ነው ወይስ የምርቱ? ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ሊራራቁ ይችላሉ። መራራቃቸው ራሱ ወሬ ይነግረናል።

እንዲህ እናስላው። በአንድ ድሃ አገር ግብርና 60 በመቶ ሠራተኛ ይዞ ከምርቱ 25 በመቶ ያስገባል እንበል። ቀሪው 40 በመቶ ሠራተኛ 75 በመቶውን ያመጣል። ሃያ አምስትን ለስልሳ ስናካፍል 0.42 ገደማ ይመጣል፤ ሰባ አምስትን ለአርባ ስናካፍል 1.88 ገደማ። ከእርሻ ውጭ ያለ አንድ ሠራተኛ ከገበሬው አራት ተኩል እጥፍ ያስገኛል ማለት ነው። ሰው ከእርሻ ወደ ሌላ ሥራ ሲሻገር፣ በሁለቱም ቦታ ማንም ጎበዝ ሳይሆን፣ የአገሪቱ አማካይ ያድጋል። አገሮች በአንድ ትውልድ ውስጥ የሚመነጠቁበት አንዱ ጉልበት ይኸው ነው። ቁጥሩን ግን እንዳለ አትዋጡት። ገበሬ ተብሎ የተቆጠረ ሰው ከዓመቱ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ የራሱን ምርት ራሱ ሲበላም በደንብ ላይቆጠር ይችላል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ስፋቱ ግን ከሚታየው ያንሳል።

ሌላ ወጥመድ አለ፤ ማዕድን። ከትርጉሙ አንጻር ማዕድን ማውጣት አንደኛ ደረጃ ነው፤ ከመሬት በቀጥታ የሚወጣ ነውና። የዓለም ባንክ ሠንጠረዥ ላይ ግን «ኢንዱስትሪ» በሚለው ውስጥ ነው የሚገባው፤ ከፋብሪካ፣ ከግንባታ፣ ከመብራትና ከውሃ ጋር። በዚህ ምክንያት ነዳጅ የሚሸጡት ኢራቅና ኩዌት በወረቀት ላይ ከጀርመን የበለጠ ኢንዱስትሪያል መስለው የሚታዩበት ዓመት አለ። ይህን ለማጣራት «ማኑፋክቸሪንግ» የሚለውን ለብቻው የተቀመጠ መስመር ማየት ነው። እሱ ትንሽ ከሆነ፣ ትልቁ «ኢንዱስትሪ» የነዳጅ ጉድጓድ ነው። ነዳጁ ሲረክስ ያ ድርሻ አንድም ፋብሪካ ሳይዘጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል።

ከዚህም የባሰ የሚያሳስት አለ። አንድ ፋብሪካ የራሱ ጽዳት ሠራተኞች፣ ጥበቃዎች፣ ሹፌሮችና ሂሳብ ሠራተኞች አሉት። ሁሉም የሚቆጠሩት ኢንዱስትሪ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም አቆጣጠሩ የሚያየው የድርጅቱን ሥራ እንጂ የግለሰቡን አይደለም። አንድ ቀን ፋብሪካው ጽዳቱንና ጥበቃውን ለሌላ ድርጅት በኮንትራት ሰጠ። ያቺው ሴት፣ ያንኑ ወለል፣ በዚያው መጥረጊያ ትጠርጋለች። በሠንጠረዡ ላይ ግን ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ደረጃ ተዛወረች። በሀብታም አገሮች ከታየው የአገልግሎት ዕድገት ጥቂቱ እንዲህ ያለ የወረቀት ዝውውር ነው። ሁሉም እንዲህ ነው ማለት ግን ማጋነን ነው፤ የጫማና የጸጉሩ ስሌት ያለ ኮንትራትም ይሠራል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ መንገዱ ለሁሉም አንድ አይደለም። ቀድመው የሄዱት ከፍ ብለው ነው የወጡት። በብሪታንያ የፋብሪካ ሥራ ጣሪያው ሲደርስ ከሠራተኛው ሲሶውን አልፎ ነበር። ዘግይታ የጀመረችው ኮሪያ 28 ላይ ቆመች። ሕንድ ደግሞ ከ13 በመቶ ገደማ ብዙም አላለፈችም፤ ገቢዋም ገና ዝቅተኛ ሳለ። ዳኒ ሮድሪክ የተባለው ኢኮኖሚስት ይህንን ያለጊዜው የመጣ የኢንዱስትሪ ማሽቆልቆል ይለዋል። ምክንያቱን ከጫማ ሠሪው መረዳት ይቻላል። ዛሬ ፋብሪካ የሚከፍት አገር የሚያስገባው ማሽን በቀን ሁለት ጥንድ የሚሠራውን አይደለም፤ ሃያ ጥንድ የሚያወጣውን ነው። ገበያውም ቀድመው በገቡ ግዙፍ አምራቾች ተይዟል። ስለዚህ ከእርሻ የወጣው ሰው ፋብሪካ በር ላይ ሲደርስ ያለው ወንበር ጥቂት ነው። ወደ አነስተኛ ንግድ፣ ወደ ጉልት፣ ወደ ተላላኪነት ይሄዳል። እሱም በሠንጠረዡ ላይ «አገልግሎት» ነው። የባንክ ባለሙያውም አገልግሎት ነው። አንድ አገር 50 በመቶ አገልግሎት አለው ሲባል ሀብታም ይሁን ድሃ በዚህ ቁጥር ብቻ መለየት አይቻልም። ጎኑ ላይ በአንድ ሠራተኛ የሚገኘውን ምርት ማየት ያስፈልጋል።

አራተኛው ደረጃ የመጣው በከፊል ከዚህ ችግር ነው። አገልግሎት የሚለው ጆንያ በጣም ሞላ። ሳይንቲስቱና ሊስትሮው አንድ ላይ ተቋጠሩ። ፈረንሳዊው የጂኦግራፊ ምሁር ዣን ጎትማን በ1961 የአሜሪካን ምሥራቅ ጠረፍ ከተሞች ሲያጠና፣ መረጃና ውሳኔ ላይ የሚሠሩትን ለይቶ «አራተኛ» አላቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ድንበሩን ማስመር ላይ ነው። አገሮች ሥራን የሚመድቡበት የተባበሩት መንግሥታት መለያ ሥርዓት «አራተኛ ደረጃ» የሚባል ሳጥን የለውም። ኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን አንድ ምድብ ነው፤ ሙያዊና ሳይንሳዊ ሥራ ሌላ፤ ትምህርት ሌላ። ሁሉንም ደምሮ አራተኛ የሚለው አጥኚው ራሱ ነው። አንዱ መምህርን ይጨምራል፤ ሌላው ያወጣል። ስለዚህ በሁለት ጽሑፎች ላይ ሁለት የተለያየ የ«አራተኛ ደረጃ» ቁጥር ብታዩ አንዱ ዋሸ ማለት አይደለም። በዚያ ላይ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጦ ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው የሚቆጠረው ከመኪና ሠሪዎቹ ጋር ነው። ለምርምር የሚወጣውን ገንዘብ ማየት አንዳንዴ የተሻለ ይጠቁማል፤ ኮሪያ ከአገር ውስጥ ምርቷ 5 በመቶ ያህሉን ለምርምርና ለልማት ታውላለች፤ ይህም ከዓለም ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው።

ጉሮም ይህን ግራ መጋባት አይታዋለች። የልብስ ፋብሪካዎቹ ፈርሰው የተሠሩት ፎቆች በኮሪያ ሕግ ለረጅም ጊዜ መጠሪያቸው «የአፓርትመንት ዓይነት ፋብሪካ» ነበር። የሶፍትዌርና የጌም ድርጅቶች ኮምፒውተራቸውን ይዘው የገቡት እንግዲህ በወረቀት ፋብሪካ ወደሆነ ሕንፃ ነው። ሕጉ ስሙን «የእውቀት ኢንዱስትሪ ማዕከል» ብሎ የቀየረው 2010 ላይ ነው። ባቡር ጣቢያው ከቀየረ ከስድስት ዓመት በኋላ።